ጉዳዩ፦ 20 ሊትር የተጻፈበት ጀሪካን 20 ሊትር አለመያዙን ስለማሳወቅ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

ለተከበሩ ዘይት አከፋፋያችን
አዲስ አበባ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሐሙስ በስልክ ስንነጋገር ነገሩ ስላልተቋጨ በጽሑፍ ማድረጉን መረጥኩ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ በአንድ ሳንቲም ተጋጭተን አናውቅም። ይህንም የምጽፈው ደንበኝነታችንን ስለምፈልገው ነው።

ጥር 3 ቀን 40 ጀሪካን የፓልም ዘይት ልከውልኛል። አንዱን በ4,600 ብር ሒሳብ፣ ድምር 184,000 ብር፣ በባንክ አስገብቻለሁ፤ ደረሰኙም እጄ ላይ አለ። በሁሉም ጀሪካን ላይ «20 ሊትር» ይላል።

ችግሩን መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም። ፓስቲና ሳምቡሳ የምትጠብስ ደንበኛ አለችኝ። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ጀሪካን ትወስዳለች፤ ቤቷ ወስዳ በምታውቀው ድስት ትገለብጠዋለች። በማግሥቱ ባዶውን ጀሪካን ይዛ መጣችና ሰው በተሰበሰበበት «አንተም ጀመርክ?» አለችኝ። ጋሼ፣ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ከተማ ሱቅ የሚኖረው በስም ነው፤ «ይሰርቃል» ከተባልኩ ጨውም አይገዙኝ።

እሷን እንደሸኘሁ አንድ የታሸገ ከፈትኩ። የጠባሴን የጥር ውርጭ ያውቁታል፤ ዘይቱ እንደ ቅቤ ረግቷል። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ጠበቅኩና በሊትር መስፈሪያ ቆጠርኩት። 18 ሊትር ተኩል ሆነ። መስፈሪያዬን ተጠራጥሬ ከጎረቤት ሱቅ ሌላ አምጥቼ ደገምኩት፤ ያው ነው።

እርስዎ በስልክ «ብርድ ነው፣ ዘይት በብርድ ይሰበሰባል» ብለውኛል። ልክ ነው፣ ይሰበሰባል፤ ግን ሊትር ተኩል አይሰበሰብም። ደግሞ ብርድ ሊትሩን በጥቂቱ ቢቀንስ እንጂ ኪሎውን አይነካም። ስለዚህ በኪሎ ሄድኩበት። ጎረቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ሚዛኑን መጀመሪያ በታሸገ 25 ኪሎ ፍርኖ ዱቄት ሞከርነው፣ ልክ ነበር። ካለፈው ጭነትዎ የተረፈች አንዲት ያልተከፈተች ጀሪካን ነበረችኝ፤ 19.3 ኪሎ መዘነች። የአሁኖቹን 33 የታሸጉ ጀሪካኖች አንድ በአንድ ጫንናቸው። ሁሉም በ17.8 እና በ18 ኪሎ መሃል ናቸው። ባዶው ጀሪካን አንድ ኪሎ ይሆናል። የአንድ ሊትር ዘይት ክብደት 910 ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ 20 ሊትር ቢኖር ኖሮ ዘይቱ ብቻውን 18.2 ኪሎ ይመጣ ነበር። የእኔ 17 ኪሎ አይዘልም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ባዶ ያደረግሁትን ጀሪካን በቧንቧ ውኃ በሊትር እየሰፈርኩ ሞላሁት። አሥራ ዘጠነኛውን ጨምሬ ሃያኛውን ስጀምር በአንገቱ ፈሰሰ። ማለትም ጋሼ፣ ይህ ጀሪካን እስከ አፉ ቢሞላም 20 ሊትር አይችልም! ከድሮው ጎን ሳቆመው አንድ ጣት ያህል ያጥራል፤ ቀለሙም እጀታውም አንድ ስለሆነ ለብቻው ሲታይ ግን አይታወቅም። ክዳኑ እንደታሸገ ስለሆነ ሹፌሩን አልጠረጥርም። እሱም «የተጫነልኝን ነው የማመጣው» ብሎኛል፤ አምኜዋለሁ። ነገሩ ከማሸጊያው ነው የሚመስለኝ። ምናልባት እርስዎም እንደኔ ተሸውደው ይሆናል።

የጎደለው በአንድ ጀሪካን ሊትር ተኩል ነው፤ በ230 ብር 345 ብር። ለ40ው 13,800 ብር ይመጣል። ለዚያች ደንበኛዬ ሊትር ተኩሉን ከራሴ ሰፍሬ ሰጥቻታለሁ። ሌሎቹን አምስቱን የወሰዱትንም እየፈለግሁ እየተካሁላቸው ነው።

የምጠይቅዎት ይህን ነው። 33ቱን ትክክለኛ 20 ሊትር በሚይዝ ይቀይሩልኝ፣ ለቀሪዎቹ ሰባት የጎደለውን 2,415 ብር ይመልሱልኝ። መቀየሩ ካስቸገረዎት ዕቃው እኔ ጋ ይቅር፣ 13,800 ብሩን ይመልሱልኝና በሊትር እየሰፈርኩ እሸጠዋለሁ። «20 ሊትር» ብዬ ግን አንዱንም አልሸጥም። ካላመኑኝ ሰው ይላኩ፤ ፊቱ እንመዝናለን። 33ቱም እንደታሸጉ ጓዳ ውስጥ ናቸው፣ አልነካቸውም።

እስከ ጥር 20 ምላሽዎን እጠብቃለሁ። ከዚያ ካለፈ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቴ አይቀርም። ለማስፈራራት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን ማታለል ያስጠይቃል፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ደግሞ የሚያገኘው እኔን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። የሚቀጥለውን ጭነት ይህ እስኪያልቅ እንዳይልኩ።

ያቺን የድሮዋን ጀሪካን አልሸጥኳትም። የሚመጣው ሰው ጎን ለጎን እንዲያያቸው አስቀምጫታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የሱቁ ባለቤት
ፊርማና ማኅተም አለበት

አባሪ፦ የደረሰኝ ኮፒ 1 ገጽ፣ የሁለቱ ጀሪካኖች ፎቶ 2