ምን እንይ?

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ሐሙስ ማታ። ሙቀቱ ለጉድ ነው፣ ቬንትሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚያዞረው። ራት እንደተበላ ባልና ሚስት አንድ ስልክ ላይ ተደፉ።

«ይሄስ?»

«አረጀ።»

«ይሄኛውስ?»

«አቦ ተወኝ፣ ልቅሶ ነው!»

እሱ ተኩስ ያለበት ይፈልጋል፣ እሷ ሳቅ፣ የሚያስቀው ሲገኝ ደግሞ ተዋናዩን አልወደደችውም፣ እሱም «ሁለት ሰዓት ተኩል? ማን ያየዋል!» ብሎ አለፈው (ሲመርጡ የፈጁትን ማን ይቁጠርለት)። ማስታወቂያውን ግን አንድም አላስቀሩ። አምስት ሰዓት ላይ ተስማሙ። ተጫነ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ጥቅሉ አልቋል።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቶች ግቢ ውስጥ የህንድ ፊልም ከፍተው ይንጫጫሉ።

«እትዬ፣ እኛም እንምጣ?»

«ኑ! ግን ሊያልቅ ነው!»

በርጩማቸውን ይዘው ሄዱ። መጨረሻውን አይተው፣ መጀመሪያው ምን ነበር እያሉ ሲከራከሩ አመሹ።