መጋረጃውን ዝጉ፦ በሐዋሳ ለነርስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ እንኳን ደስ አላችሁ! በሐዋሳ ሙቀት ጋዋን ለብሶ መቀመጥ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አላረዝምም።

መርፌ መውጋት ተምራችኋል። እኔ የማወራው ከመርፌው በፊት ስላለችው ደቂቃ ነው። ስማችሁን ለታካሚው ንገሩት። ምን ልትሠሩ እንደሆነ አስረዱና ፈቃዱን ጠይቁ። መጋረጃውን ዝጉ። መጋረጃ ከሌለ አስታማሚዋ ነጠላዋን ትይዝላችኋለች።

«አልጋ ሰባት» የሚባል ሰው የለም። «እማማ»፣ «አባባ» በሏቸው፤ ስማቸውንም ጠይቁ። አማርኛ የማይችል የሲዳምኛ ተናጋሪ ሲመጣ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይጠቅምም። ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ጥሩለት። ልጇ አስተርጓሚ ሲሆን እናት የምትደብቀው ሕመም አለ።

የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጸድቅ ቲክቶክ አልነበረም። ምስጢር መጠበቅ ግን ያኔም ግዴታ ነበር። «ፊቱ አይታይም» ብላችሁ ቪዲዮ እንዳትለቁ። በእኛ ከተማ ሰው በጫማውም ይታወቃል! የኤችአይቪ ውጤትም በኮሪደር አይነገርም፤ ለባልም፣ ለሚስትም ቢሆን ያለ ታካሚው ፈቃድ አይነገርም።

ሥራ ይበዛል፤ ጓንት የሚያልቅበት ሌሊትም አለ። ይህን አልክድም። ምጥ ላይ ባለች እናት ላይ ለመጮኽ ግን ምክንያት አይሆንም። ባልደረባችሁ ሲያመናጭቅ ካያችሁ ገለል አድርጋችሁ ንገሩት። ካልሰማ ለተረኛ ኃላፊው አሳውቁ። አዲስ ሠራተኛ መሆን አፍ አያዘጋም።

በሉ ተነሱ፤ ቃለ መሐላውን አብረን እንበል።