የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል ለጻፈልን የጥሰት ማስታወቂያ የተሰጠ መልስ

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ 041/17

ለከተማው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በጥምቀት ሳምንት ስለተሠራው ሥራ ለቀረበብን የጥሰት ማስታወቂያ መልስ ስለመስጠት

ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጻፈው ማስታወቂያ የካቲት 3 ቀን ደርሶናል። በ15 ቀን ውስጥ መልስ እንድንሰጥ ስለተጠየቅን ይህን ጽፈናል። ሆቴላችን ፒያሳ አካባቢ ያለ፣ 34 ቋሚ ሠራተኞች የሚሠሩበት ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ጥር 19 ቀን መጥተው መዝገብ ሲያዩና ሠራተኞችን ሲያነጋግሩ በር አልዘጋንም፤ የጠየቁትን ሰነድም በዕለቱ ሰጥተናል። ያነጋገሯቸው ሠራተኞች እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳሉም አልጠየቅንም፤ ወደፊትም አንጠይቅም። ሠራተኛ ለተቆጣጣሪ እውነቱን በመናገሩ ሊጎዳ አይገባም።

ማስታወቂያው አምስት ነገር ያነሳል፦ ከመጠን ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ የሳምንት ዕረፍት መከልከል፣ የበዓል ቀን ክፍያ ማጉደል፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በሌሊት ማሠራት እና መዝገብ አለመያዝ። የተቀበልነውን እንደተቀበልን፣ ያልተቀበልነውንም ለምን እንዳልተቀበልን እንጽፋለን።

መጀመሪያ የሳምንቱ ሁኔታ መታወቅ አለበት። ዘንድሮ ጥምቀት እሑድ ዋለ። ከተራው ቅዳሜ ጥር 10 ነበር። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከፒያሳ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በሰው ይሞላል፤ ባጃጅ ማግኘት አይታሰብም። ሆቴላችን ከሐሙስ ጥር 8 ጀምሮ ሙሉ ነበር። በዚያው ሰሞን ከአራቱ ምግብ አብሳዮች አንዷ አባቷ ስላረፉ በአዋጁ የተፈቀደላትን የሐዘን ፈቃድ ወስዳለች፤ ሌላው ታሞ የሐኪም ወረቀት አምጥቷል። ይህን የምንጽፈው ኩሽናው ለምን እንደተጨነቀ ለማስረዳት እንጂ ለሁሉም ነገር ሰበብ እንዲሆነን አይደለም።

የትርፍ ሰዓቱን በተመለከተ ማስታወቂያው ከጥር 5 እስከ 11 ባለው ሳምንት ዘጠኝ ሠራተኞች ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ሠርተዋል ይላል። የመግቢያና መውጫ ፊርማውን፣ የጥበቃ መዝገቡንና ፔሮሉን አንድ ላይ አስተያይተናል። ስድስቱ በእርግጥ ከ12 ሰዓት በላይ ሠርተዋል። ከሁሉም የበዛው የአንዲት የአልጋ ክፍል ሠራተኛ ሲሆን 17 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 67 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ትርፍ ማሠራት በዚሁ አንቀጽ የተፈቀደበት ሁኔታ አለ፤ ኩሽና ውስጥ ለሠሩት ሁለቱ ይህ ይሠራል። ጣሪያውን ግን አያነሳም። ለቀሩት አራቱ ደግሞ «አስቸኳይ ሥራ ነበር» ብለን አንከራከርም። ጥምቀት በየዓመቱ ይመጣል፤ ቀኑም ይታወቃል። አስቀድሞ ሰው መቅጠር ይቻል ነበር። ስለዚህ በስድስቱ ሠራተኞች ላይ የቀረበውን ተቀብለናል።

በቀሩት ሦስቱ ላይ ግን አንስማማም። እነዚህ በከተራ ሌሊት ሥራ ጨርሰው መሄጃ ስላጡ ሆቴሉ ውስጥ ያደሩ ናቸው። ምድር ቤት ያለውን አንድ ክፍል ለቀንላቸው ተኝተዋል። ማስታወቂያው ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ያለውን በሙሉ የሥራ ሰዓት አድርጎ ቆጥሮታል። በአዋጁ አንቀጽ 61 የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበት ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው። መንገድ ተዘግቶበት የተኛ፣ ተነስ ቢባል የመነሳት ግዴታ የሌለበት ሰው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ቆሟል አይባልም።

ይሁን እንጂ ከሦስቱ አንዱን ለብቻው ማየት ተገቢ ነው። አስተናጋጁን የሌሊት ጥበቃው ሁለት ጊዜ ቀስቅሶታል። መዝገቡ ላይ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «7፡40 እንግዳ ገባ፣ ሻይ ተጠየቀ፣ ልጁ ተቀሰቀሰ። 9፡15 ሌላ እንግዳ።» ሁለቱ ጊዜ ተደምሮ 50 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ሥራ ነው፤ ፔሮሉ ላይ አልነበረም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለ ትርፍ ሥራ አንቀጽ 68 በሚያዘው በአንድ ነጥብ ሰባ አምስት እጥፍ አስልተን ከፍለነዋል። 50 ደቂቃው ሲጨመርም የሳምንቱ ትርፍ ሰዓቱ 11 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ስለሚሆን ከጣሪያው አያልፍም። የመዝገቡ ገጽ ቅጂ ተያይዟል።

ስለ በዓል ክፍያው ማስታወቂያው የሚለው፣ ጥር 11 የሕዝብ በዓልም የሳምንት ዕረፍትም ስለነበር ለሁለቱም ለየብቻ ሁለት ሁለት እጥፍ፣ በድምሩ አራት እጥፍ ልትከፍሉ ይገባ ነበር ነው። ይህን አንቀበልም። አንቀጽ 75 በሕዝብ በዓል ለሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ ሁለት እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። በዓሉ ከሌላ በዓል ወይም ከዕረፍት ቀን ጋር ሲገጥም ደግሞ ክፍያው የአንዱ ብቻ እንደሚሆን ያው አንቀጽ በግልጽ ይናገራል። እኛ የከፈልነው በዚህ መሠረት ነው።

ነገር ግን ይህንኑ ለመመለስ ስሌቱን ስናገላብጥ፣ ማስታወቂያው ያላነሳው ጉድለት አግኝተናል። በወር 5,200 ብር የሚከፈላትን ሠራተኛ እንውሰድ። በ26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቷ ደመወዝ 25 ብር ነው። ጥር 11 ቀን 11 ሰዓት ሠርታለች። ፔሮሉ ሁሉንም 11 ሰዓት በሁለት እጥፍ አስልቶ 550 ብር ከፍሏታል። ትክክለኛው ግን ለመጀመሪያው 8 ሰዓት 400 ብር፣ ከዚያ በላይ ላለው 3 ሰዓት ደግሞ በአንቀጽ 68 መሠረት በሁለት ተኩል እጥፍ 187 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በድምሩ 587 ብር ከ50 ነው። 37 ብር ከ50 ቀርቶባታል። በዕለቱ ከሠሩት 14 ሰዎች 11ዱ ላይ እንዲህ ያለ ጉድለት ነበር። ድምሩ 463 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ትንሽ ገንዘብ ይመስላል፤ የሠራተኛው ላብ ስለሆነ ግን ትንሽ ብለን አላለፍነውም። የካቲት 14 ቀን ለእያንዳንዳቸው ከፍለን አስፈርመናል።

የሳምንት ዕረፍትን በተመለከተ፣ የሆቴል ሥራ በባሕርዩ እሑድ ስለማይቆም በአንቀጽ 70 መሠረት ዕረፍታችን በተራ ነው። እሑድ ከሠሩት 14 ሰዎች የዘጠኙ ዕረፍት በሌላ ቀን ነበር፤ በቀናቸውም አርፈዋል። እሑድ ዕረፍታቸው የነበረው አምስት ናቸው። የክፍያ ጉዳይ በአንቀጽ 75 ቢዘጋም አንቀጽ 71 የሚሰጣቸው የማካካሻ ዕረፍት ግን አይቀርም፤ ገንዘብ ተከፍሏቸዋልና ዕረፍቱ ይቅር የምንልበት ምክንያት የለም። ሦስቱ ከጥር 20 እስከ 22 ባሉት ቀናት አርፈዋል። ሁለቱ ሳያርፉ ስለቆዩ የካቲት 11 እና 13 ቀን ሙሉ 24 ሰዓት እንዲያርፉ ተደርጓል።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በሌሊት ሠርታለች የተባለው ስህተት ነው። ልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ስማቸው እስከ አባት አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች አሉ። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሠራችው ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላዋ ናት። ነፍሰ ጡሯ እህታችን ከታኅሣሥ ጀምሮ የጠዋት ሺፍት ብቻ ነው የምትሠራው፤ በዚያ ሳምንትም አንድም ቀን ከ9 ሰዓት በኋላ አልቆየችም። አንቀጽ 87 የሚከለክለው የሌሊት ሥራም ሆነ ትርፍ ሰዓት አልተሰጣትም። የሁለቱም ፊርማ እስከ አያት ስም ተለይቶ በታሸገ ፖስታ ተያይዟል። የግል ጉዳያቸው ስለሆነ እዚህ ስማቸውን አልጠቀስንም፤ ፖስታውም ከመዝገብ ቤት አልፎ እንዳይዞር አደራ እንላለን።

መዝገብን በሚመለከት የቀረበውን ተቀብለናል። የመግቢያና መውጫ ደብተር አለን። የሳምንት ዕረፍትን፣ በዓልንና ፈቃድን ለይቶ የሚያሳይ፣ አንቀጽ 12 የሚጠይቀው ዓይነት መዝገብ ግን አልነበረም። ከየካቲት 10 ጀምሮ አዲስ መዝገብ ከፍተናል። ሠራተኛው ራሱ በየቀኑ የሠራውን ትርፍ ሰዓት አይቶ ይፈርምበታል። የሳምንቱ ድምር 9 ሰዓት ሲደርስ የሺፍት ኃላፊው በቀይ ያሰምርበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለ እኔ ፊርማ አንድ ሰዓት እንኳ አይጨመርለትም፤ 12ን ግን እኔም ማሳለፍ አልችልም። ፔሮል የሚሠራው ሒሳብ ሠራተኛም አራቱን የክፍያ መጠኖች፣ ማለትም አንድ ተኩል፣ አንድ ነጥብ ሰባ አምስት፣ ሁለትና ሁለት ተኩልን፣ በየዓምዱ ለይቶ እንዲያሰላ ቅጹ ተቀይሯል።

ዋናው መፍትሔ ግን የሰው ቁጥር ነው። ለትልልቅ በዓላት በአንቀጽ 10 መሠረት ለተወሰነ ጊዜ የሚቀጠሩ ስድስት ሰዎችን በጽሑፍ ውል እንይዛለን፤ አራቱ ለአልጋ ክፍል፣ ሁለቱ ለኩሽና። የመጀመሪያው መፈተኛ ሚያዝያ 12 ቀን የሚውለው ፋሲካ ነው። ምልመላው መጋቢት 20 ያልቃል። ለጥምቀት 2018 ደግሞ ሠራተኛው በሁለት ይከፈላል። ግማሹ የከተራን ምሽት፣ ግማሹ የጥምቀትን ጠዋት ነፃ ይሆናል። ከሠራተኞቻችን ብዙዎቹ እዚሁ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ከአገር ዳር እስከ ዳር የመጣው እንግዳ ታቦት ሲያጅብ እነሱ አንሶላ ሲያነጥፉ መዋላቸው፣ ሕግ ባይከለክለውም እንኳ ልክ አይደለም። ሥራ አምሽቶ መሄጃ ለሚያጣም የሚያድርበት ክፍል አስቀድሞ ይያዛል፤ የተኛን ሠራተኛ መቀስቀስም ከእንግዲህ ክልክል ነው። የሌሊት እንግዳ የሚቀበል ተረኛ ይመደባል።

ከዚህ በላይ በገለጽነው መሠረት በነፍሰ ጡር ሠራተኛዋ፣ በአራት እጥፍ ክፍያውና ሆቴሉ ውስጥ ባደሩት ሦስት ሠራተኞች ላይ የቀረበው እንዲነሳልን እንጠይቃለን። የተቀበልናቸው ጉድለቶች ደግሞ ከቅጣት ውሳኔ በፊት የተወሰደው እርምጃ በቦታው ታይቶ እንዲመዘን እናመለክታለን። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሳያሳውቁን መጥተው መዝገቡን ቢያዩ ደስ ይለናል። የምንስማማበትና የማንስማማበት የሕግ ነጥብ ፊት ለፊት ቢታይ ይሻላል ካላችሁም፣ በቀጠራችሁን ቀን ሒሳብ ሠራተኛውን ይዤ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ

አባሪ፦ የጥር ወር ፔሮልና የማስተካከያ ክፍያ ፊርማ፣ የመግቢያና መውጫ ደብተር ቅጂ፣ የጥበቃ መዝገብ ገጽ፣ የማካካሻ ዕረፍት ፈቃድ፣ የአዲሱ መዝገብ ናሙና እና አንድ የታሸገ ፖስታ

ግልባጭ፦ ለሠራተኞች ተወካይ