ድርጅታዊ ባህል፦ ደረጃዎቹ፣ ዓይነቶቹና የሚለወጥበት መንገድ በአንድ የባሕር ዳር ሆቴል ሲታይ

ድርጅት ሠራተኞቹን የሚመራው በመተዳደሪያ ደንብ ብቻ አይደለም። ደንቡ ዝም ባለበት ወይም ደንቡን መከተል ዋጋ በሚያስከፍልበት ጊዜ ሠራተኛው ማድረግ ያለበትን የሚያውቀው ከቀደሙት ባልደረቦቹ ካየውና ከሰማው፣ ማን እንደተመሰገነና ማን እንደተቀጣ ካስተዋለው ነው። ድርጅታዊ ባህል የምንለው ይህን በጋራ የተያዘ፣ ችግር ሲፈታ እየተሞከረ የጸና፣ ለአዲስ ገቢውም «እዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» ተብሎ የሚተላለፍ የአስተሳሰብና የአሠራር ልማድ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ባህል በመፈክርና በሥልጠና ሳይሆን አለቆች በየዕለቱ ትኩረት በሚሰጡትና በሚቀጡት ነገር ይለወጣል የሚል ነው። ለማስረጃነት በዋናነት የምጠቀመው የተግባር ልምምድ የሠራሁበትን፣ በጣና ዳር ያለ አንድ መካከለኛ ሆቴል ነው።

ኤድጋር ሻይን እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበው ትንታኔ ባህልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው በዓይን የሚታየውና በጆሮ የሚሰማው ነው፤ የሕንፃው አቀማመጥ፣ የደንብ ልብሱ፣ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ፣ በዓል የሚከበርበት ሥርዓት ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ድርጅቱ «እናምንበታለን» ብሎ የሚናገራቸው እሴቶች ናቸው። ሦስተኛውና ጥልቁ ደግሞ ማንም የማይከራከርባቸው፣ ብዙ ጊዜም በቃል የማይገለጹ መሠረታዊ ግምቶች ናቸው። ሻይን የሚያስጠነቅቀው፣ የመጀመሪያው ደረጃ ለማየት ቀላል ቢሆንም ለመተርጎም አስቸጋሪ እንደሆነ ነው፤ ጎብኚ ያየውን በራሱ ልማድ ይተረጉመዋልና።

በሆቴሉ ይህ ማስጠንቀቂያ በግልጽ ታይቶኛል። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ በክፈፍ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ ደግሞ የአስተያየት መዝገብ ተቀምጧል፤ ገጾቹ ከሞላ ጎደል በምስጋና የተሞሉ ነበሩ። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን አይቶ ሠራተኛው ለአገልግሎት የቆመ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ውስጥ የዋለ ሰው ግን አስተናጋጆቹ መዝገቡን ይዘው የሚቀርቡት ደስ ያለውን እንግዳ እየመረጡ እንደሆነ፣ የተቆጣው ደግሞ መዝገቡ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ እንደሚሸኝ ያስተውላል። መዝገቡ የሚነግረን እንግዳው ስለተሰማው ነገር ሳይሆን ሠራተኛው አለቃው ማየት የሚፈልገውን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ነው።

የሦስተኛው ደረጃ ምልክት የተገኘው ከብርጭቆና ከሳህን ነው። በቤቱ ደንብ ዕቃ የሰበረ ሰው ዋጋው ከደመወዙ ይቆረጥበታል። የሚቆረጠው ገንዘብ ለባለቤቱ ብዙም አልነበረም፤ ለአስተናጋጅ ግን ከባድ ነበር። ስለዚህ የተሰበረ ብርጭቆ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል፤ ማንም አላየም። በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ሲገኝ ደግሞ ዋጋው በፈረቃው ሠራተኞች ላይ እኩል ይከፈላል፤ ማንም አያጉረመርምም፣ ነገ የእርሱ ተራ ሊሆን ይችላልና። አዲስ ገቢ አስተናጋጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ትልቁ ትምህርት ትሪ አያያዝ ሳይሆን ይህ ነበር። ከዚህ ልማድ በታች ያለው ግምት «ስህተት የሚያወራ ሰው ይጎዳል፤ የሚደብቅ ይተርፋል» የሚል ነው። ይህን በየትኛውም ስብሰባ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ መናገርም አላስፈለገም። ብርጭቆ ሲሰበር የተፈጠረው ግምት ግን ብርጭቆ ላይ አይቆምም። ክፍል ሁለት ጊዜ ሲያዝ፣ ሒሳብ ሲዛባ፣ ምግብ ዘግይቶ ሲቀርብም የሚሠራው ያው ነው።

ስለ ባህል ዓይነቶች የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከደረጃዎቹ ያነሰ ጥቅም ያለው ሆኖ አግኝቸዋለሁ። በሰፊው የሚጠቀሰው የኪም ካሜሮንና የሮበርት ክዊን ምደባ በሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው፤ ድርጅቱ የሚያተኩረው ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ? የሚመርጠውስ መተጣጠፍን ነው ወይስ መረጋጋትን? ከሁለቱ ጥያቄዎች መገናኛ አራት ዓይነት ይወጣል። መቀራረብና መተጋገዝ የሚነግሥበት የቤተሰብ ባህል፣ አዲስ ነገር መሞከር የሚበረታታበት የፈጠራ ባህል፣ ውጤትና ተወዳዳሪነት የሚለካበት የገበያ ባህል፣ ደንብና የሥራ ቅደም ተከተል የሚከበርበት የተዋረድ ባህል። ቻርልስ ሃንዲ ደግሞ ሥልጣን፣ ሚና፣ ተግባርና ግለሰብ በሚሉ አራት ስሞች ይመድባል። በሥልጣን ባህል ሁሉ ነገር ከመሀል ካለው ሰው ይመነጫል፤ በሚና ባህል ሰው ሳይሆን የሥራ መደቡ ይናገራል፤ በተግባር ባህል ለአንድ ሥራ የተሰባሰበ ቡድን ይመራል፤ በግለሰብ ባህል ድርጅቱ ራሱ የባለሙያዎቹ አገልጋይ ነው።

ባለቤቱ የሚያስተዳድረው ሆቴል በሃንዲ ምደባ ያለ ጥርጥር የሥልጣን ባህል ነው። ተመላሽ ገንዘብ ይሁን የዋጋ ቅናሽ፣ ባለቤቱ በስልክ «እሺ» ካላለ አይፈጸምም። በካሜሮንና በክዊን ምደባ ግን የቤተሰብም መልክ አለው፤ ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት ባለቤቱ ራሱ ለቅሶ ይደርሳል፣ ለልጅ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ያበድራል፣ ጓዳ የሚሠሩት ትልልቅ ሴቶችም «ጋሼ» እያሉ ነው የሚጠሩት። የብርጭቆ ዋጋ ከደመወዝ የሚቆርጠውና ለቅሶ የሚደርሰው አንድ ሰው ነው። ምደባዎች ይህን ድብልቅ በአንድ ስም ለመዝጋት ሲሞክሩ የሚያመልጣቸው ነገር አለ፤ ሠራተኛው ስህተቱን የሚደብቀው ቅጣቱን ፈርቶ ብቻ ሳይሆን «ጋሼን ላላስቀይም» ብሎም ነው። ካሜሮንና ክዊን ራሳቸው ይህን ስለሚያውቁ፣ በመለኪያቸው መላሹ መቶ ነጥብ ለአራቱ ዓይነቶች እንዲያከፋፍል ይጠይቃሉ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲጥል አይጠይቁም።

ድርጅት አንድ ወጥ ባህል ብቻ እንዳለው ማሰብም ያሳስታል። ጆአን ማርቲን እንዳሳየችው፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ የጋራ የሆነ፣ በየክፍሉ የተለያየና ጭራሽ ያልጠራ ነገር ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል። በከተማችን ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ለቴክኒክ ሙያ የተመሠረተው ፖሊ ቴክኒክና በ1972 መምህራንን ለማፍራት የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ በ2000 በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ተጠቃለሉ። ያም ሆኖ ነዋሪው እስካሁን «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል። በሆቴሉም መስተንግዶና ወጥ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ ትእዛዝ ሲዘገይ እያንዳንዱ ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

ለውጥን በተመለከተ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ያስቀመጠው ሦስት ደረጃ ያለው ሐሳብ አሁንም መነሻ ነው፤ የቆየውን ማላላት፣ ወደ አዲሱ ማሻገር፣ አዲሱን ማጽናት። ጆን ኮተር ደግሞ በስምንት እርምጃዎቹ ውስጥ ባህልን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አዲሱ አሠራር ውጤት ካሳየ በኋላ እንጂ አስቀድሞ በአዋጅ አይለወጥም ይላል። ሻይን ግን ለዚህ ጽሑፍ የበለጠ የሚጠቅም ነገር አለው። መሪዎች ባህልን የሚተክሉት በምን ላይ ትኩረት እንደሚያደርጉ፣ ችግር ሲደርስ እንዴት እንደሚሆኑ፣ ገንዘብ የት እንደሚያውሉ፣ ራሳቸው ምን አርአያ እንደሚሆኑ፣ ማንን እንደሚሸልሙ፣ ማንን እንደሚቀጥሩና እንደሚያሰናብቱ በማሳየት ነው። የግድግዳ ጽሑፍ፣ የአደረጃጀት ሠንጠረዥና ሥነ ሥርዓት የሚረዱት ከነዚህ ጋር ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ከተጣረዙ ሠራተኛው የሚያምነው ያየውን ነው።

በሆቴሉ ለውጡ የጀመረው ባለቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሲቀጥር ነው። እርሷ የደመወዝ ቅጣቱን አስቀረችና የተሰበረ ዕቃ የሚመዘገብበት ደብተር አስቀመጠች፤ ስም ሳይሆን ቦታና ሰዓት የሚጻፍበት። ሳምንታት ደብተሩ ባዶ ነበር። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ቅጣቱ በደንብ ቢነሣም ግምቱ አልተነሣም፣ ሁሉም የመጀመሪያው ተናጋሪ ምን እንደሚደርስበት እየጠበቀ ነበር። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ አንድ ሙሉ ትሪ ብርጭቆ ጥላ ስትመዘግብ፣ ሥራ አስኪያጇ በጠዋቱ ስብሰባ አመሰገነቻትና ከወጥ ቤቱ ወደ በረንዳው የሚያወጣውን ደረጃ አብራት ሄዳ አየች። ደብተሩ ከዚያ በኋላ መሞላት ሲጀምር አብዛኛው ስብራት በዚያው ደረጃ ላይ፣ በምሽት የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። መብራትና መደገፊያ ተሠራለት። ከዓመታት ቅጣት ያልተገኘ መረጃ ቅጣቱ ሲቆም ተገኘ ማለት ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በጥምቀት ሰሞን ነው። ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ አንድ ክፍል ለሁለት የተለያዩ እንግዶች ተይዞ ተገኘ። ሥራ አስኪያጇ የስህተቱን ምንጭ ከመፈለግ በፊት አንደኛውን እንግዳ በቤቱ ወጪ ሌላ ቦታ አሳረፈች፤ በኋላም ጉዳዩን ከእንግዳ መቀበያ ሠራተኞቹ ጋር በአሠራር ደረጃ ተወያየችበት። ባለቤቱ ግን በዚያው ምሽት ደውሎ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ነው የያዘው?» የሚል ነበር። በአንድ ጥሪ የብዙ ሳምንት ሥራ ሊፈርስ ይችል ነበር። የሻይን ሐሳብ ትክክለኛነት የሚፈተነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ሠራተኛው በሁለት መሪዎች መካከል ቆሞ የትኛው እውነተኛው ቤት እንደሆነ ይመረምራልና። ሥራ አስኪያጇ ስም አልሰጠችም፤ «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አለች። እንግዳ መቀበያ የሚሠሩት ስለዚህ መልስ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የታየውንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ የውጤት ተኮር ሚዛናዊ ሥርዓት፣ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ በኋላም ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የቀጣይ መሻሻል ዘዴ በተከታታይ ገብተዋል። እነዚህ ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም፤ መስኮቶች ተጠጋግተዋል፣ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፣ ፋይል በቀለም ተለይቷል። ነገር ግን ባለሙያው ከኃላፊው ፊርማ በፊት ቢወስን የሚደርስበት ነገር ካልተለወጠ፣ ባለጉዳዩ «ነገ ተመለስ» መባሉን አያቆምም። የዘገየ ባለሙያ አይጠየቅም፤ በራሱ የወሰነ ግን ይጠየቃል። ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ይህን በሚገባ ስለተማረ ነው የሚያዘገየው።

ልምምዴን ስጨርስ የሆቴሉ ለውጥ ጸንቷል ለማለት ጊዜው ገና ነበር። መስተንግዶ ውስጥ ነባሮቹ ለአዲስ ገቢ «ሲሰበር ጻፍ» ሲሉ መሰማት ጀምረዋል፤ ሌዊን ማጽናት ወደሚለው የቀረበው ምልክት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ከአለቃ ወደ ባልደረባ ተሻግሯል። ወጥ ቤቱ ግን አሁንም በደብተሩ አይጽፍም። የዚያ ክፍል ዋና ሼፍ በባለቤቱ የተቀጠረ፣ ተጠሪነቱም በቀጥታ ለባለቤቱ የሆነ ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጇ ቅጣቱን ብታስቀርም የእርሱን ሠራተኞች የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን አልተሰጣትም።