ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የተቀዳ የዕቃ ማስገቢያ ንግግር

የገልባጩ ማስታወሻ

ፋይሉ AUD-0047.m4a በሚል ስም ደሴ ለሚገኘው ቢሮዬ የደረሰኝ ሲሆን፣ ርዝመቱ 9 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው። አብሮት የመጣው «ይህን ወደ ጽሑፍ ገልብጡልኝ» የሚል አንድ መስመር ብቻ በመሆኑ፣ የተናጋሪዎቹን ማንነት፣ ቦታውንና ሰዓቱን ያወቅሁት ከድምፁ በሰማሁት ልክ ነው። ቦታውን ኮምቦልቻ ያልሁት አንደኛው ሰው «ደሴ እወጣለሁ» በማለቱ ነው፤ ደሴ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ አይልም።

ስም ስላልሰማሁ ተናጋሪዎቹን በፊደል ለይቻቸዋለሁ። ሀ በዕድሜ ገፋ ያለ ወንድ ይመስላል፤ ለ ወጣት ሲሆን ጉምሩክ የሚያመላልስ ትራንዚተር መሆኑ ከንግግሩ ይታወቃል፤ ሐ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር እንግዳ ነው። መ ያልኩት ከጥያቄ ምልክት ጋር ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይገኛል። የእንግሊዝኛውን ንግግር እንደተነገረ በፊደላችን ጽፌ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ትርጉሙን በቅንፍ አስከትያለሁ። ያልሰማሁትን አልሞላሁም፤ ተናጋሪ የተሳሳተ በሚመስለኝ ቦታም ቃሉን አላረምሁም።

ቅጂው

00:00 [ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ። የስኒ ድምፅ። ራቅ ያለች ሴት፦ «ጀባ»።]

00:39 ለ፦ ሐጂ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ፤ ዝናቡ [አይሰማም]።

00:46 ሀ፦ አብሽር፣ እዚሁ ይሻለኛል። ዕቃው የት ደረሰ? እሱን ንገረኝ።

00:53 ለ፦ ኮንቴነሩ ደረቅ ወደብ ገብቷል። ዲክላራሲዮኑ ግን ገና ነው፤ ኦሪጅናሉ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ከባንክ አልወጣም።

01:07 ሀ፦ ከየትኛው ባንክ ነው? ከዚህ ከእኛው?

01:10 ለ፦ [ባጃጅ ሲያልፍ ሸፍኖታል፣ 4 ሰከንድ] … ነገ በጠዋት ደሴ እወጣለሁ። ይዤው እመጣለሁ።

01:22 ሀ፦ እስከዚያ ኪራይ ይቆጥራል?

01:25 ለ፦ ይቆጥራል። እስካሁን ሁለት ሺህ ምናምን ደርሷል።

01:31 ሀ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ! ይሄ ሁሉ? ያውም ቁጭ ላለ ዕቃ?

01:38–02:50 [ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። «ስፌት»፣ «ሞተሩ» እና «ካርቶኑ ረጥቧል» የሚሉት ብቻ ተለይተው ተሰምተዋል። «ረጥቧል» ያለው ለ ይሁን ሌላ ሰው አልታወቀም።]

02:51 ሐ፦ ኦኬ፣ ሊስን። ኦል ማሽንስ ማስት ቢ ኢንስታልድ ቢፎር ሜይ ፋይቭ። (ትርጉም፦ እሺ፣ ስሙኝ። ማሽኖቹ ሁሉ ከሜይ 5 በፊት መተከል አለባቸው።)

03:00 ለ፦ ሐጂ፣ ከግንቦት አምስት በፊት ማሽኖቹ ተተክለው ማለቅ አለባቸው ነው የሚለው።

03:06 ሀ፦ ግንቦት አምስት? እሱማ ይደርሳል።

[የገልባጩ ማስታወሻ፦ ሁለቱ ቀኖች አንድ አይደሉም። ሜይ 5 በእኛ ሚያዝያ 27 ነው፤ የአርበኞች ድል ቀን ስለሆነ ለማስታወስ አይከብድም። ግንቦት 5 ደግሞ ሜይ 13 ላይ ይውላል። ሐ በአንደኛው፣ ሀ በሌላው ቀን ተስማምተው፣ ለስምንት ቀን ልዩነት ማንም ሳይጠይቅ አልፈዋል።]

03:11 ሐ፦ ኢፍ ኖት፣ ዘ ቴክኒሽያንስ ዊል ኮስት ዩ ፊፍ[ነጎድጓድ] ታውዘንድ ሞር። (ትርጉም፦ ካልሆነ ለቴክኒሽያኖቹ […] ሺህ ተጨማሪ ትከፍላላችሁ።)

03:19 ለ፦ ካልደረሰ ለባለሙያዎቹ ሌላ [ነጎድጓዱ ቀጥሏል] ሺህ ይጨመራል ነው የሚለው።

03:27 ሀ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ! ይሄ ሁሉ?

[የገልባጩ ማስታወሻ፦ የዚህ ንግግር ክብደት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ልግለጸው። ቃሉ ፊፍቲን (15) ወይም ፊፍቲ (50) ከመሆን አይዘልም። ፊፍቲን ሲባል ድምፁ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ ፊፍቲ ሲባል መጀመሪያው ላይ፤ ነገር ግን ነጎድጓዱ የመጣው በቃሉ መካከል በመሆኑ፣ ቦታውን በጆሮ ማዳመጫ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ፍጥነቱንም በግማሽ ቀንሼ ብሰማው የሚለየውን ጫፍ ማግኘት አልቻልሁም። የአማርኛው ትርጉም ያድነኝ ነበር፤ እሱንም ያው ነጎድጓድ ውጦታል። የሀ ድንጋጤ ትልቁን ቁጥር የሚያመለክት ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ይኸው ሰው በ01:31 ላይ በሁለት ሺህ ምናምን ኪራይም በእነዚሁ ቃላት ስለደነገጠ፣ ድንጋጤውን መለኪያ ላደርገው አልደፈርሁም። የገንዘቡም ዓይነት፣ ብር ይሁን ዶላር፣ አልተጠቀሰም።]

03:34 ለ፦ አብሽር ሐጂ፣ እንደርሳለን።

03:40–06:12 [ዝናቡ በርትቷል። ንግግር እንዳለ ይታወቃል፤ ቃል ግን አይለይም። በ04:55 ሐ፦ «ኖ፣ ኖ፣ ቮልቴጅ!» ሲል ተሰምቷል።]

06:13 መ?፦ ሐጂ፣ መብራቱ እኮ ስሪ ፌዝ አይደለም። የሚመጣው ማሽን የቱን ነው የሚፈልገው?

[የገልባጩ ማስታወሻ፦ ይህ ድምፅ በውፍረቱም በአነጋገሩም ከሀ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። እስከዚህ ድረስ «ሐጂ» ተብሎ ሲጠራ መልስ የሚሰጠው ሀ ስለሆነ፣ ራሱን ሊጠራ አይችልም በሚል አራተኛ ሰው አድርጌ ይዤዋለሁ። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሐጂዎች ካሉ ግን ግምቴ ይፈርሳል፤ ወሎ ውስጥ ይህ የሚያስገርም ነገር አይሆንም።]

06:22 ለ፦ እሱን ነገ ጠይቄ አጣራለሁ።

06:27 ሀ ወይም መ፦ ነገ፣ ነገ! ዕቃው ከመድረሱ በፊት ነበር ማጣራት።

06:35 ሐ፦ ዋት ዲድ ሂ ሴይ? (ትርጉም፦ ምን አለ?)

06:37 ለ፦ ኖ ፕሮብለም። ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኦኬ። (ትርጉም፦ ችግር የለም። ሁሉም ደህና ነው።)

06:44 [ሳቅ፤ የማን እንደሆነ አልታወቀም።]

07:02 ሀ፦ ነገ ሁለት ሰዓት ወደቡ በር ላይ እንገናኝ በለው። በጠዋት።

07:08 ለ፦ ቱሞሮው፣ ቱ ኦክሎክ፣ አት ዘ ጌት። (ትርጉም፦ ነገ፣ በሁለት ሰዓት፣ በሩ ላይ።)

07:13 ሐ፦ ቱ? አፍተርኑን? (ትርጉም፦ ሁለት? ከሰዓት በኋላ?)

07:15 ለ፦ የስ፣ የስ። (ትርጉም፦ አዎ፣ አዎ።)

[የገልባጩ ማስታወሻ፦ ሀ ያለው የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ነው፤ ሐ የተረዳው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓትን ነው። ያደሩት በዚሁ ስምምነት ከሆነ፣ አንደኛው በሩ ላይ ስድስት ሰዓት ቆሟል ማለት ነው።]

07:20–08:50 [የወንበር መጎተት። ዝናቡ ቀንሷል። ስለ ካርቶኖቹ የሚመስል አጭር ንግግር፤ አይለይም።]

08:51 [አዛን፣ ከቅርብ።]

09:04 ሀ፦ እኔ ልነሣ። ያን ወረቀት እንዳትረሳ።

09:09 ለ፦ ኢንሻአላህ፣ ሐጂ።

09:12–09:42 [አዛኑ ይቀጥላል። ስልኩ ከጠረጴዛ ይነሣል። ቅጂው ያበቃል።]

ለላኪው

በ03:11 ያለውን ቁጥር በውል ላይ ሊያውሉት ከሆነ፣ እባክዎ አስቀድመው ከሐ በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከተናጋሪዎቹ ሌላ ሰው በስልኩ ቀድቶ እንደሆነ ፋይሉን ይላኩልኝ፤ ለእንግዳው ቀረብ ብሎ የተቀመጠ ስልክ ቃሉን ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ያንን ክፍል ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እሰማዋለሁ። የሀን እና የመን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ካለም 06:13 እና 06:27ን ብቻ አሰምተውት ምላሹን ይጻፉልኝ።