የጎርፍ መውረጃ ቦያችንን ከክረምት በፊት ለማስተካከል የቀረበ ፕሮፖዛል

ለሰፈራችን የልማትና የጽዳት ኮሚቴ
ባሕር ዳር
የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ከላይኛው አስፋልት ተነሥቶ ወደ ጣና ዳር በሚወርደው ቦይ ላይ ያሉትን 11 የበር መሸጋገሪያዎች እንድንቀይርና ቦዩን እስከ ግንቦት 15 ድረስ እንድንጠርግ ኮሚቴው እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። ሥራው 99,400 ብርና የ86 ቤቶችን ጉልበት ይፈልጋል። የካቲት 29 እሑድ በሚደረገው የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ውሳኔ እንዲሰጥበት ከዚያ በፊት አንብባችሁ እንድትመጡ እንለምናለን።

ችግሩ

ቦዩ 340 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጎኑም ታችኛውም በድንጋይ ተገንብቷል። በውሃ ልክ ቱቦ በየ20 ሜትሩ ስንለካው በአማካይ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ከዚህ የተሻለ ተዳፋት አናገኝም፤ ውሃው እንዲሄድ ያለንን መጠበቅ ግድ ነው።

ዛሬ ቦዩ ውስጥ በአማካይ 30 ሳንቲ ሜትር ደለል ተኝቷል። ይህ ሲባዛ ወደ 61 ሜትር ኩብ ይመጣል። የኮብል ስቶኑ አሸዋ፣ የግንባታ ትርፍራፊ፣ ፌስታል፣ ሃይላንድና የሸንኮራ አገዳ ልጣጭ ተደባልቆ የጠነከረ ነው። ንጹሕ ቢሆን ቦዩ በሰከንድ 435 ሊትር ያህል ያሳልፋል፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ግን 145 ገደማ ነው፤ ሲሶውን ማለት ነው።

እስካሁን በየዓመቱ የምንነጋገረው ስለዚህ ደለል ብቻ ነው። ዋናው ማነቆ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ይህን ፕሮፖዛል የጻፍነውም ስለዚያ ነው። በ9 የመኪና በርና በ2 የእግር መግቢያ ሥር ያለው የመሸጋገሪያ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ በእኛ ተዳፋት፣ አንድ ፌስታል እንኳ ሳይገባበት፣ በሰከንድ ከ70 ሊትር በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ቦዩን እንደ መስታወት ብናጸዳው እንኳ ውሃው የመጀመሪያው በር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ቆሞም ደለሉን እዚያው ይጥላል። ሰኔ ላይ የተጠረገው ቦይ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተመልሶ የሚሞላው ሰው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። ቱቦው ከላይ በኮንክሪት ስለታሰረም ውስጡን በአካፋ መድረስ አይቻልም።

ወደ ቦዩ የሚፈሰው ቦታ 4 ሄክታር ያህል ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ዝናብ፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ በሚመጣው ከባድ ዶፍ፣ ከጣሪያውና ከመንገዱ በሰከንድ 400 ሊትር ይወርድበታል። ቱቦዎቹ የሚችሉት በሰዓት 10 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ዝናብ ብቻ ነው። የተረፈው መንገዱን ይዞ ወደ ታችኛው ረድፍ ግቢዎች ይገባል።

ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ከቱቦዎቹ ጀርባ የቀረው ውሃ ይተኛል። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቃታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ውሃው ከዚያ በላይ ስለሚቆም በየበራችን ትንኝ እናረባለን ማለት ነው።

የመፍትሔ ሐሳቡ

ቱቦዎቹ ተነሥተው በምትካቸው የሚነሡና የሚመለሱ የኮንክሪት ክዳኖች ይቀመጡ። ክዳን ሲሆን የቦዩ ሙሉ ስፋት ከሥሩ ክፍት ይሆናል፤ ሲዘጋም ተነሥቶ ይጠረጋል።

የአንዱ ክዳን ልክ 90 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ነው። ቦዩ 60 ስለሆነ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይደገፋል። ክብደቱ 105 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አራት ሰው ያነሣዋል። አስፍተን 80 ብናደርገው ሁለት መቶ ኪሎ አልፎ ማንም ሳያነሣው ይቀራል፤ ያኔ ከቱቦው አልተሻለም። ለአንድ የመኪና በር 7፣ ለእግር መግቢያ 3፣ በድምሩ 69 ክዳን ያስፈልጋል።

በእያንዳንዱ ክዳን ውስጥ ባለ 10 ፌሮ 4 ዘንግ በርዝመቱ (እያንዳንዱ 84 ሳንቲ ሜትር)፣ ባለ 8 ፌሮ 4 ዘንግ በአግድሙ ይታሰራል። ዋናው ፌሮ ከታች፣ ከሻጋታው ወለል 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በትናንሽ የሲሚንቶ ጡቦች ይደገፍ። መሐል ላይ ወይም ወደ ላይ የተቀመጠ ፌሮ ክዳኑን አይሸከምም፤ መኪና በወጣበት ዕለት ከሥር ይሰነጠቃል። ሲቀመጥም እንዳይገለበጥ የላይኛው ፊት በቀለም ምልክት ይደረግበት። ለማንሻ የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ይተዉለት፤ ወጥቶ የሚቀር ቀለበት የባጃጅ ጎማ ይበሳል፣ ልጆችም ይሰናከሉበታል።

ድብልቁ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ቦክስ አሸዋ፣ 3 ቦክስ ጠጠር ይሁን፤ ቦክሱ 50 በ40 በ18 ነው። ውሃ ማብዛት የሠራተኛን ድካም ያቀልላል፣ ኮንክሪቱን ግን ያደክመዋል፤ በእጅ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን የሚይዝ ይበቃል። ከተፈሰሰ ማግሥት ጀምሮ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ ይጠጣ። መኪና የሚወጣበት ከ28 ቀን በኋላ ነው። እነዚህ ክዳኖች ለባጃጅ፣ ለቤት መኪናና ለፒክአፕ የታሰቡ ናቸው፤ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ እንዲወጣባቸው አይፈቀድ።

ቦዩ ከመንገዱ ሥር በሚገባባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ የፌሮ ወንፊት ይደረግ፤ የዘንጎቹ ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር፣ አቀማመጡም ወደ ኋላ 45 ዲግሪ የተጋደመ። ቀጥ ብሎ የቆመ ወንፊት ቅጠልና ፌስታል ሲለጠፍበት ግድብ ይሆናል፤ የተጋደመው ግን ቆሻሻው ወደ ላይ እንዲንሸራተትና ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ያደርጋል። የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይቆፈር የሚል ሐሳብም ቀርቦልን ነበር። ውሃ ስለሚቋጥርና ትንኝ ስለሚያረባ አልተቀበልነውም።

የጊዜ ሰሌዳ

ክዳኖቹ ከፋሲካ በፊት መፍሰስ አለባቸው። ከፋሲካ በኋላ የሠርግና የግንባታ ወቅት ስለሆነ ግንበኛ ማግኘት ይከብዳል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ሰኞ መጋቢት 14 ይጀመር። 12 የእንጨት ሻጋታ ካለን በቀን 12 ክዳን ይወጣል፤ በ6 የሥራ ቀን ያልቃል። የመጨረሻው ክዳን 28 ቀኑን ሚያዝያ 17 ይሞላል።

የመጀመሪያው የጉልበት ሥራ ቅዳሜ ግንቦት 8፣ ሁለተኛው ግንቦት 15፣ ዝናብ ቢያስተጓጉለን መጠባበቂያው ግንቦት 22 ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይሥራ። አንድ ሰው በዚያ ጊዜ 1 ሜትር ኩብ ያህል ደለል ያወጣል፤ 50 ሰው እንኳ ቢገኝ በሁለት ጠዋት ጠርገን የክዳን ማስቀመጥ ሥራም ይደርስልናል። ቱቦዎቹ የሚሰበሩት በዚያው ዕለት ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ሰብሮ መተው በርን ዘግቶ ማደር ነው። የመጠጥ ውሃ መስመር በአንዳንድ በሮች ሥር ስለሚያልፍ በዶማ ከመምታት በፊት በእጅ ተቆፍሮ ይታይ።

የወጣው ደለል ዳር ላይ እንዳይቀር አጥብቀን እናሳስባለን። በጫፉ የተከመረ ደለል በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦዩ ይመለሳል፤ የሰው ላብም በከንቱ ይቀራል። ፕላስቲኩ ለብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ደለሉ በዚያው ቀን በተሽከርካሪ ይወሰድ። መኪናውን ቀበሌው እንዲሰጠን በደብዳቤ እንጠይቃለን። ወደ ሐይቁ ዳር ወይም ወደ ደንገሉ መድፋት በፍጹም አይታሰብ።

ወጪው

ሲሚንቶ 12 ኩንታል 25,200 ብር፤ ባለ 10 ፌሮ 20 ዘንግ 25,000፤ ባለ 8 ፌሮ 8 ዘንግ 6,400፤ አሸዋና ጠጠር ከማጓጓዣው ጋር 15,000፤ ጣውላ፣ ሚስማርና ማሰሪያ ሽቦ 6,500፤ ግንበኛ ለ6 ቀን 7,200፤ ረዳት 3,600፤ ሦስት ወንፊት ከብየዳው ጋር 4,500። ይህ 93,400 ነው። ዋጋ ቢጨምር የሚሸፍን 6,000 ብር መጠባበቂያ ይዘናል። ዕቃው ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ተወስዶበት ይገዛ፤ ደረሰኙም በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ከእያንዳንዱ ቤት 900 ብር (77,400) እና በራቸው ከሚቀየርላቸው 11 ቤቶች ተጨማሪ 2,000 ብር (22,000) ይሰብሰብ። የ11ዱ ቤቶች ተጨማሪ መዋጮ ቅጣት አይደለም፤ ክዳኑ የሚያገለግለው በመጀመሪያ የራሳቸውን መግቢያ ስለሆነ ነው። አቅም የሌላቸውን እናቶችና አረጋውያን ኮሚቴው በስም ሳይጠራ ይተውላቸው፤ መጠባበቂያው በቅድሚያ ለእነሱ ይዋል። በሥራው ቀን ያልተገኘ ምትክ ይላክ ወይም እድሩ ለቀብር ቀሪ በሚጠይቀው ልክ ይክፈል። ሰው ይህን ሥርዓት ስለለመደው አዲስ ደንብ ማውጣት አያስፈልግም።

የሚጠበቀው ጥቅም

ቱቦዎቹ ተነሥተው ቦዩ ከተጠረገ በኋላ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ በቦዩ ውስጥ ያልፋል፤ ዛሬ ካለው ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ከጣለ አሁንም መንገዱ ይረጥባል፤ ለማንም የማንፈጽመውን ቃል አንሰጥም። ይሁን እንጂ ውሃው በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ለሳምንታት አይተኛም። የወባ መራቢያውም በዚያው ይቀንሳል።

ለጣናም ጥቅሙ ግልጽ ነው። የእኛ ቦይ የሚጨርሰው ሐይቁ ውስጥ ነው። ጣና በጣም ጥልቅ የሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ደለልን የማይችል ሐይቅ ነው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታገለውን እምቦጭ የሚያፋፋው ከከተማና ከማሳ የሚታጠበው ቆሻሻና ማዳበሪያ ነው። በወንፊታችን የሚቀር ፌስታል ሁሉ ታንኳ በሚቀዘፍበት ውሃ ላይ አይታይም። በዚሁ አጋጣሚ የመጸዳጃ ቤት ቱቦ ወደ ቦዩ የለቀቁ ቤቶች እስከ ሚያዝያ 30 እንዲያነሡ ኮሚቴው በየቤቱ እየዞረ ይምከር፤ ወንፊት ይህን አያቆመውም።

ጥቅሙ መምጣቱን ለማየት ከሰኔ እስከ መስከረም ከከባድ ዝናብ በኋላ የውሃው ከፍታ በሦስት ቦታ በቀለም በተሰመረ መለኪያ ይመዝገብ። ቦዩን በ8 ቡድን እንከፍለዋለን፤ ለየቡድኑ 10 ወይም 11 ቤትና 42 ሜትር ያህል ይደርሳል። ቡድኑ ወንፊቱን በክረምት በየሁለት ቀኑ፣ ክዳኖቹን አንሥቶ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ያጸዳል።

ከኮሚቴው የምንጠይቀው ውሳኔ

ቦዩ የመንግሥት ስለሆነ ምንም ከመሰበሩ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ እንዲገኝ ለቀበሌው ደብዳቤ እስከ መጋቢት 3 ይጻፍልን፤ በዚያው ደብዳቤ የደለል ማውጫ ተሽከርካሪ ይጠየቅ። መዋጮው በእድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል እስከ መጋቢት 10 እንዲሰበሰብ ይወሰን። ግዢውንና ሥራውን የሚቆጣጠሩ ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ ቢያንስ አንዷ ከታችኛው ረድፍ፣ ጎርፉ ከሚገባባቸው ቤቶች የሆነች እናት ትሁን። የ11ዱን በሮች ባለቤቶች ኮሚቴው ከስብሰባው በፊት ለብቻ ያነጋግር፤ በሕዝብ ፊት ድንገት የተነገረው ሰው ይቀየማል፣ አንድ በር ካልተቀየረ ደግሞ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ይዘጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ቦዩን የለኩና ይህን ያዘጋጁ 5 የሰፈሩ ነዋሪዎች