ስለ ሳምራዊት የሒሳብ ጥናት

ለተከበሩ የክፍል ኃላፊ መምህር፣

እንደምን ሰነበቱ? ሳምራዊት ነገ የምታስረክበው የሒሳብ ደብተር ውስጥ እርስዎ ከነአሠራሩ ከሰጧቸው የመልስ ወረቀት ጋር በጣም የሚመሳሰሉ ገጾች ያገኛሉ። የተገለበጡ እንዳይመስልዎት፣ እንዴት እንዳጠናች ላስረዳዎት ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እያነበበች ሁሉንም «ገባኝ» ትል ነበር። ወረቀቱን አንስቼ ያንኑ ጥያቄ ስሰጣት ግን ከሁለተኛው መስመር ማለፍ አቃታት። ከዚያ በኋላ አሠራሩን በሌላ ወረቀት እየሸፈነች ማጥናት ጀመረች። አንድ መስመር ራሷ ትሠራለች፤ ሽፋኑን ዝቅ አድርጋ ያንን መስመር ብቻ ታመሳክራለች። ከተለያየ የራሷን አታጠፋም፤ በቀይ አስምራበት የተለየበትን ምክንያት ከጎኑ ትጽፋለች። ገጹ ባያምርም ቀዩ እንዳለ እንዲቀር የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ የት ላይ እንደምትቸገር የሚታየው እዚያ ነውና።

አብዛኛው ቀይ ያረፈው ቅንፍ ሲፈታ ነው። ለምሳሌ 2x − 3(x − 4) = 7 በሚለው ላይ 2x − 3x − 12 = 7 ብላ ጽፋለች። ወረቀቱ + 12 ሲል የጽሕፈት ስህተት መስሏት አጥብቃ ተከራከረችኝ። ሁለቱንም መልሶች በጥያቄው ውስጥ ተኪያቸው አልኳት። የወረቀቱ x = 5 ልክ 7 ሰጣት፤ የእሷ x = −19 ግን 31 ሆነባት። ያን ጊዜ ነው ከቅንፉ ውጭ ያለው የመቀነስ ምልክት በቅንፉ ውስጥ ላሉት ለሁለቱም እንደሚደርስ በእርግጥ ያመነችው። ከእኔ ሰምታ ሳይሆን ራሷ አስልታ ስለደረሰችበት በጣም ደስ ብሎኛል።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ ያሉት ጥያቄዎች የራሷ ናቸው፤ ቁጥሮቹን ቀይራ ያለ ወረቀቱ ሠርታቸዋለች። ሁሉም ትክክል አይደሉም፤ እርስዎ እንዲያዩዋቸው ብዬ አላረምኳቸውም።

አንድ ነገር ግን የእርስዎን እገዛ ይፈልጋል። ወረቀቱ ከ −x = −5 በቀጥታ ወደ x = 5 ይሻገራል። ሳምራዊት ይህን «ምልክቱ ይጠፋል» ብላ በቃሏ ይዛዋለች። ሁለቱም ወገን በ −1 እንደሚባዛ ነግሬአታለሁ፤ ሆኖም −x = 5 ሲመጣባት አሁንም አንዳንዴ x = 5 ብላ ትጽፋለች። ቢቻልዎት ይህን አንድ እርምጃ በክፍል ውስጥ በሚያስተምሩበት መንገድ ያሳዩልኝ። ከዚያም ወረቀቱ ላይ የሌለ ጥያቄ ሰጥተው ሰሌዳ ላይ እየተናገረች እንድትሠራ ቢያደርጓት ደስ ይለኛል፤ እኔ ፊት መሥራቷና እርስዎ ፊት መሥራቷ አንድ አይደለም።

እንዲህ ያሉ የተሠሩ መልሶችን ወደፊትም ቢልኩልን በዚሁ መንገድ እንጠቀምባቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳምራዊት እናት